ውጤቱ ሲዘገይ ለአማካሪ የሚጻፍ ደብዳቤ

አንድን ውህድ ወይም ማዕድን በቤተ ሙከራ በማዘጋጀት ላይ የተመሠረተ የድኅረ ምረቃ ጥናት ከሌሎች የሚለይበት ባሕርይ አለው፤ ውህዱ በእጅ እስኪገባ ድረስ ቀጣዩ ሥራ አይጀመርም። የሚለካውም፣ የሚፈተሸውም፣ የሚጻፍለትም ነገር እሱ ስለሆነ የመጀመሪያው ደረጃ ሲዘገይ የመጨረሻውም አብሮ ይዘገያል። ተማሪው በዚህ ጊዜ ለአማካሪው የሚጽፈው ደብዳቤ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፤ ምን አልተሳካም? ምክንያቱ በምን ታወቀ? የቀረው ሥራ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከሦስቱ ክብደት ያለው መካከለኛው ነው። ምክንያቱ በማስረጃ ካልታወቀ አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ የሚያርፍበት መሠረት አይኖረውም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሠራበት የቆየ አንድ ርእስ ለማሳያ ይወሰድ፤ ከአገር ውስጥ ካኦሊን ዚኦላይት ኤ ማዘጋጀት። ተማሪው ከደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል የሚወጣውን የቦምቦውሃ ካኦሊን ወደ ዚኦላይት ለውጦ፣ የተገኘው ዱቄት የውሃን ጠጣርነት ምን ያህል እንደሚቀንስ ሊለካ አቅዷል እንበል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በተግባር ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኢሜይል ይላካል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ግን የሚይዘው ነገር አንድ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል?

ዚኦላይት ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊኮንና ከኦክስጅን የተሠራ፣ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን ነው። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም በውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ዚኦላይት ኤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ፎስፌትን ተክቶ የገባው በዚህ ጠባዩ ነው። ካኦሊን ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ደግሞ በውስጡ ያሉት የሲሊኮንና የአሉሚኒየም አቶሞች ቁጥር እኩል ስለሆነ ነው። በዚኦላይት ኤ ውስጥም እንደዚያው እኩል ናቸው።

ዝግጅቱ ሁለት ዋና እርምጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ማቃጠል ነው። ካኦሊን በተፈጥሮው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቶሎ አይዋሃድም፤ ስለዚህ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ተቃጥሎ ሜታካኦሊን ወደሚባል፣ የክሪስታል ቅርጹ ወደ ፈረሰና በቀላሉ ወደሚሟሟ ዱቄት መለወጥ አለበት። ሁለተኛው እርምጃ ሜታካኦሊኑን ከኮስቲክ ሶዳ ሙሙት ጋር ቀላቅሎ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በ100 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ማቆየት ነው። የመስታወት ዕቃ አይመከርም፤ ኮስቲክ ሶዳው መስታወቱን እየበላ ያልተፈለገ ሲሊካ ይጨምራል። ጊዜው ሲደርስ ዱቄቱ ይጣራል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያም ዚኦላይት መሆን አለመሆኑ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ይመረመራል።

ስህተቱ የት እንደተፈጠረ እንዴት ይታወቃል?

ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ለኤክስሬይ ሲያቀርብ ያገኘው ግራፍ ለማሳሳት የሚመች ነበር። የኤክስሬይ ግራፍ የእያንዳንዱን ማዕድን መለያ በተወሰኑ ማዕዘኖች ላይ በሚቆሙ ጫፎች ያሳያል። የተለመደው የመዳብ ጨረር ጥቅም ላይ ሲውል ዚኦላይት ኤ 12.5 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ አለው፤ ካኦሊንም ከዚያ እምብዛም በማይርቅ ቦታ፣ 12.4 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ አለው። እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ያተኮረ ሰው ያልተለወጠውን ካኦሊን ዚኦላይት ነው ሊል ይችላል። ትክክለኛው ፍርድ የሚሰጠው ሌሎቹን ቦታዎች በማየት ነው። ዚኦላይት ኤ በ7.2 እና በ10.2 ዲግሪ ግልጽ ጫፎች ሊኖሩት ይገባል፤ ካኦሊን እነዚህ የሉትም። ካኦሊን በበኩሉ 24.9 ዲግሪ ላይ ሲታይ ዚኦላይት ኤ 24.0 ላይ ነው የሚታየው። የተማሪው ግራፍ በ7.2 ላይ በጣም ደካማ፣ በ24.9 ላይ ደግሞ ጠንካራ ጫፍ ነበረው። ስለዚህ ከጠርሙሱ የወጣው ዱቄት ብዙው ያልተለወጠ ካኦሊን ነው።

ይህ ችግሩን ከሁለተኛው እርምጃ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ካኦሊኑ በደንብ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የራሱ ጫፎች መጥፋት ነበረባቸው። ይህንን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። ንጹሕ የካኦሊን ማዕድን ሲቃጠል በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረውን ውሃ ስለሚለቅ ከክብደቱ 14 በመቶ ያህሉን ያጣል። የተማሪው ጥሬ ዕቃ 85 በመቶው የካኦሊን ማዕድን፣ ቀሪው ኳርትዝና ሌላ ነገር ነው ከተባለ፣ አስቀድሞ በ105 ዲግሪ ደርቆ እርጥበቱ የወጣለት 20 ግራም ዱቄት ሲቃጠል 2.4 ግራም ያህል መቀነስ አለበት። የተማሪው ናሙና የቀነሰው ግን 1.2 ግራም ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ከካኦሊኑ የተቃጠለው ግማሹ ብቻ ነው።

የምድጃው ማሳያ 650 ዲግሪ እያለ እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? ማሳያው የሚናገረው የምድጃው ተርሞካፕል ጫፍ ያለበትን ቦታ ሙቀት ነው። ተርሞካፕሉ ካረጀ፣ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ናሙናው በር አጠገብ ከተቀመጠ ዱቄቱ ያለበት ቦታ ሙቀት ከማሳያው በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። ዱቄቱ በሳህኑ ላይ በወፍራሙ ከተከመረም መካከሉ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። መልሱ የሚገኘው ሌላ ተርሞካፕል ናሙናው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አድርጎ ሁለቱን ንባቦች በማነጻጸር ነው። በዚህ ማሳያ ልዩነቱ 170 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዱቄቱ ያገኘው ሙቀት 480 ዲግሪ ነበር። በዚህ ሙቀት ካኦሊን መፍረስ ይጀምራል እንጂ በጥቂት ሰዓታት አይጨርስም።

በማቃጠል በኩል ተቃራኒው ስህተትም አለ። ሙቀቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሲጠጋ ሜታካኦሊኑ እንደገና ወደማይሟሟ ማዕድን መለወጥ ይጀምራል። ምድጃው ዝቅ አድርጎ ያሞቃል ተብሎ ያለ ልኬት ሙቀቱን ከፍ ማድረግ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሚዛንም ሁሉን አይነግርም። በጥሬ ዕቃው ውስጥ ካርቦኔት ወይም ብስባሽ ነገር ካለ እነሱም ሲቃጠሉ ክብደት ስለሚቀንስ፣ የክብደቱ ውጤት በአንድ የኤክስሬይ ምርመራ መደገፍ አለበት።

ደብዳቤው

እስከዚህ ያለው ሥራ ከደብዳቤው በፊት የሚጠናቀቅ ነው። ተማሪው ምክንያቱን ካወቀና በአንድ ሙከራ ካረጋገጠ በኋላ የሚጽፈው ደብዳቤ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ቀን፦ ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለተከበሩ አማካሪዬ

ጉዳዩ፦ የዚኦላይት ኤ ዝግጅት መዘግየቱን ስለማሳወቅና የተሻሻለ የጊዜ ሰሌዳ ስለማቅረብ

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እስከ ኅዳር 30 ያልቃል ብለን የያዝነው የዚኦላይት ዝግጅት አለመጠናቀቁን አሳውቅዎታለሁ። እስካሁን ንጹሕ ዚኦላይት አላገኘሁም። ዋናው ምክንያት ካኦሊኑ በበቂ ሙቀት አለመቃጠሉ ሲሆን ይህም ተስተካክሏል። የመመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ረቂቅ የማቀርብበት ቀን ከመጋቢት 15 ወደ ሚያዝያ 5 እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ።

ያረጋገጥሁት፦ በ650 ዲግሪ ተቃጥሏል ብዬ የያዝሁት 20 ግራም ካኦሊን መቀነስ ከነበረበት 2.4 ግራም የቀነሰው 1.2 ብቻ ነው። ሁለተኛ ተርሞካፕል ናሙናው ባለበት ቦታ አስገብቼ ስለካ 480 ዲግሪ አገኘሁ። ምድጃውን በሁለተኛው ተርሞካፕል ንባብ መሠረት አስተካክዬ ዱቄቱን በስሱ ዘርግቼ ሳቃጥል 2.3 ግራም ቀንሷል፤ በኤክስሬይ ግራፉም ላይ የካኦሊን ጫፎች የሉም። እስከ አሁን ያዘጋጀኋቸውን ናሙናዎች በሙሉ፣ ያልተሳኩትን ጨምሮ፣ ከግራፎቻቸው ጋር አያይዣለሁ።

የምጠረጥረው፦ ለ24 ሰዓት የቆዩት ናሙናዎች ሶዳላይት የተባለውን ሌላ ማዕድን ያሳያሉ። ጊዜው ስለረዘመ ይመስለኛል፤ ሆኖም ያልተቃጠለው ካኦሊንም ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል በአዲሱ ዱቄት ሳልሞክር መደምደም አልችልም።

ያልተፈታው፦ በጥሬ ዕቃው ያለው ኳርትዝ በዚህ ዘዴ አይሟሟም። ከመጨረሻው ውጤት ጋር እንደ ቆሻሻ ይቀራል።

የተሻሻለው ሰሌዳ፦ እስከ ታኅሣሥ 27 ለሥራው የሚበቃ 200 ግራም ሜታካኦሊን አዘጋጃለሁ፤ እያንዳንዱን ዙር በክብደት ቅነሳው አረጋግጣለሁ። ከታኅሣሥ 28 እስከ ጥር 18 በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ12 ሰዓት እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እሞክራለሁ። ጥር 20 ውጤቱን ይዤ እቀርባለሁ። ከጥር 21 እስከ የካቲት 20 የካልሲየም ልውውጡን እለካለሁ። የመግቢያውንና የዘዴውን ምዕራፍ የኤክስሬይ ወረፋ በምጠብቅበት ጊዜ እጽፋለሁ።

ጥር 20 ላይ የዚኦላይት ጫፎች ዋናዎቹ ሆነው ካልተገኙ ካኦሊኑን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አብሮ ወደ ማቅለጥ ዘዴ እንድሻገር ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚያ ጊዜ ረቂቁ ከሚያዝያ 5 በሦስት ሳምንት ይዘገያል።

የእርስዎን ውሳኔ የምሻው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ከላይ የተቀመጡትን ቀኖች ይቀበሏቸው እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የካልሲየም ልውውጡን በሦስት የሙቀት መጠኖች ለመለካት የያዝነውን ዕቅድ በክፍል ሙቀት ብቻ እንድወስነው ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ነው። ይህ ከተፈቀደ አሥር ቀን ያህል ይተርፋል፤ ከላይ ያሉት ቀኖችም በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር

የደብዳቤው ክፍሎች ለምን እንዲህ ተደረደሩ?

የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻውን የሚበቃ ሆኖ ተጽፏል። ብዙ ተማሪዎች ያሉት አማካሪ ሌላውን ሳያነብ ምን እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለና ምን እንደተጠየቀ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያገኛል። ጥያቄውን በመጨረሻ ማምጣት፣ ከዚያ በፊት በረጅም ይቅርታና በሥራ ብዛት ዝርዝር ማለፍ፣ አንባቢው ዋናውን ነገር እየፈለገ እንዲደክም ያደርገዋል።

ቀጥሎ የተረጋገጠው፣ የተጠረጠረውና ያልተፈታው በየራሳቸው ቆመዋል። ይህ አማካሪው ምክር የሚሰጥበትን ቦታ ያሳየዋል። የምድጃው ጉዳይ ያለቀ ስለሆነ አስተያየት አይፈልግም፤ የሶዳላይቱ ግን ይፈልጋል። ልምድ ያለው አማካሪ እዚህ ላይ የኮስቲክ ሶዳው ጥንካሬም መታየት አለበት ሊል ይችላል፤ ሙሙቱ እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ውጤቱ ወደ ሶዳላይት ያጋድላል። ከሦስት ሞላር፣ ማለትም በሊትር 120 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ካለበት ሙሙት በላይ የሆነ ሙከራ በዚህ ምክንያት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሶዳላይት መኖሩን ለመለየት በግራፉ ላይ 14.1 እና 24.5 ዲግሪ አካባቢ ያሉትን ጫፎች መፈለግ ይበቃል። ሦስቱ ጉዳዮች አንድ ላይ ተቀላቅለው ቢጻፉ ይህ ምክር የሚሰጥበት ቀዳዳ አይታይም ነበር።

ያልተሳኩት ናሙናዎች መያያዛቸውም ሥራ አለው። አማካሪው የ24 ሰዓቱን ግራፍ በዓይኑ ካየ የተማሪውን ጥርጣሬ ራሱ መመዘን ይችላል። ካልተሳኩት መካከል የተሻለውን ብቻ መርጦ መላክ ደግሞ የምድጃው ስህተት በየትኛው ቀን እንደጀመረ የሚያሳየውን ፍንጭ ያጠፋል፤ የቀድሞዎቹ ናሙናዎች ክብደት በማስታወሻ ደብተሩ ተመዝግቦ ከሆነ የትኞቹ ውጤቶች እንደሚጣሉና የትኞቹ እንደሚቆዩ የሚታወቀው በእሱ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው ከየት መጣ?

ሰሌዳው ከቀረው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተሠራ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ በተግባር ከሚፈጀው ጊዜ ተነሥቶ ወደ ፊት የተቆጠረ ነው። የዚኦላይት ሙከራው ይህንን በግልጽ ያሳያል። ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሙከራ ለሦስት ሳምንት መመደቡ መጀመሪያ ላይ የተጋነነ ይመስላል። ስምንት ጠርሙሶች አሉ፤ ማሞቂያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ነው። ከዚያ ዱቄቱ የታጠበበት ውሃ የኮስቲክ ሶዳ ጠባዩን እስኪያጣ ድረስ ደጋግሞ መታጠብ፣ ሌሊቱን መድረቅና መፈጨት ይኖርበታል። ከሁሉ የሚረዝመው ግን ኤክስሬዩ ነው። መሣሪያው የጋራ በመሆኑ አንድ ናሙና በደቂቃዎች ውስጥ ቢመረመርም ወረፋው አሥር የሥራ ቀን ይወስዳል እንበል፤ ሰሌዳውን የሚወስነው ይህ ወረፋ ነው። በዚህ ምክንያት ናሙናዎቹ አንድ በአንድ ከሚላኩ ተሰብስበው በሁለት ዙር ቢላኩ ይሻላል።

ለመብራት መቋረጥም ቦታ መተው ያስፈልጋል። በ100 ዲግሪ ለስምንት ሰዓት መቆየት የነበረበት ጠርሙስ በመካከሉ ለሁለት ሰዓት ከቀዘቀዘ በመዝገቡ ላይ ስምንት ሰዓት ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ ዚኦላይቱ ያደገበት ጊዜ አይታወቅምና። የማሞቂያውን ሙቀት በየጊዜው መመዝገብና የተቋረጠውን ሙከራ መድገም ግድ ነው። ሦስቱ ሳምንታት ለእንዲህ ያለ ድግግሞሽ ጥቂት ቀናት ይዘዋል።

የካልሲየም ልውውጡ ልኬት አንጻራዊ በሆነ መንገድ ቀላል ነው። የታወቀ መጠን ያለው ዱቄት መጠኑ ከታወቀ የካልሲየም ክሎራይድ ሙሙት ጋር ይናወጣል፤ ከተጣራ በኋላ በውሃው የቀረው ካልሲየም በኢዲቲኤ ታይትሬሽን ይለካል። መሣሪያው ቡሬትና ጠርሙስ ስለሆነ የማንም ወረፋ አያስፈልገውም። ተማሪው ጊዜ ማትረፍ የሚችለው እንግዲህ እዚህ ላይ ሥራውን በመቀነስ ነው፤ በኤክስሬይ ወረፋው ላይ ግን ምንም ማድረግ አይችልም። በደብዳቤው የቀረበው የቅነሳ ሐሳብ ሦስቱን የሙቀት መጠኖች የነካው ለዚህ ነው። ቅነሳው የጥናቱን ጥያቄ ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን የሚፈርደው አማካሪው ስለሆነ ተማሪው ይህን በጥያቄ መልክ አቅርቦታል።

በዚህ መንገድ ዚኦላይቱ በሃምሳ ቀን ቢዘገይም ረቂቁ የሚዘገየው በሃያ ቀን ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ከቅነሳው፣ እንዲሁም ሁለቱ ምዕራፎች ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ ከመጻፋቸው ነው። ደብዳቤው ይህንን በቁጥር ማሳየቱ አማካሪው ተስፋ ነው ወይስ ስሌት ብሎ እንዳይጠራጠር ያደርጋል።

የውሳኔ ቀኑና ሁለተኛው መንገድ

ጥር 20 በሰሌዳው ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። የመጀመሪያው ዘዴ መቀጠል ወይም መቆም ያለበት በዚያ ቀን ነው፤ መለኪያውም አስቀድሞ ተቀምጧል። ዋናዎቹ ጫፎች የዚኦላይት ናቸው ወይስ አይደሉም? እንዲህ ያለ ቀን ከሌለ ተማሪው በትንሽ በትንሹ ለውጥ እያደረገ ሌላ ወር ሊያልፍበት ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ካኦሊኑን ከኮስቲክ ሶዳ ዱቄት ጋር ደባልቆ በ600 ዲግሪ አካባቢ ማቃጠልና ከዚያ በውሃ ማሟሟት ነው። ጥቅሙ በተራው ዘዴ የማይሟሟውን ኳርትዝ ጭምር የሚያሟሟ መሆኑ ነው። ዋጋም ያስከፍላል። ኮስቲክ ሶዳ በብዛት ይፈልጋል፤ የቀለጠው ኮስቲክ ሶዳ ተራውን የሸክላ ክሩሲብል ስለሚበላ የኒኬል ዕቃ ይመረጣል። ኳርትዙ ሲሟሟ ደግሞ ሲሊካው ከአሉሚኒየሙ ስለሚበልጥ ወደ እኩልነት ለመመለስ ሶዲየም አሉሚኔት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። በደብዳቤው የተጠቀሱት ተጨማሪ ሦስት ሳምንታት ለእነዚህ ነገሮች የሚሆኑ ናቸው።

ደብዳቤው የማይሸፍነው

አማካሪው ሰሌዳውን ቢቀበል ዩኒቨርሲቲው የወሰነው የጊዜ ገደብ አብሮ አይራዘምም። የምዝገባና የማራዘሚያ ጥያቄ በየተቋሙ ደንብ በትምህርት ክፍሉና በሬጅስትራር በኩል የሚሄድ የተለየ ጉዳይ ነው። የአማካሪው የጽሑፍ መልስ ለዚያ ማመልከቻ አባሪ ሊሆን ስለሚችል ስምምነቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር ያስፈልጋል። በስብሰባ ላይ የተስማሙበት ነገር ካለም ተማሪው በዚያው ቀን በጥቂት መስመር ጽፎ ቢልክ በኋላ የሚነሣ አለመግባባትን ያስቀራል።

ምድጃውን የሚጠቀሙት ሌሎች ተማሪዎችም አሉ። የ170 ዲግሪው ልዩነት የእነሱንም ውጤት የሚነካ በመሆኑ ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ወዲያውኑ መነገር አለበት፤ ይህ የአማካሪውን መልስ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ምድጃው እስኪጠገን ድረስ የተገኘውን ልዩነትና የተለካበትን ቀን የሚናገር ወረቀት በሩ ላይ ቢለጠፍ ቀጣዩ ተጠቃሚ ያንኑ ስህተት ከመድገም ይድናል። ከዚያ ወዲህ የሚቃጠል ማንኛውም ናሙና ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ተመዝኖ ክብደቱ ከተመዘገበ፣ ምድጃው እንደገና ቢሳሳት የሚታወቀው ከወራት በኋላ በኤክስሬይ ግራፍ ላይ ሳይሆን በዚያው ቀን በሚዛን ይሆናል።